ጭስ ያጣ ክዳን

ጋሸና ያለው የእናቴ ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ክዳኑ ጓሳ። ጭሱ ዓይኗን ስላሳመማት ምድጃውን ከቤት አውጥተን ማድቤት ሠራንላት። ዓይኗ ተሻላት፤ በሁለተኛው ክረምት ግን ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ።

ክዳን የሚያውቁ ጎረቤታችን ወጥተው ሣሩን ጨበጡት፤ እንደ ፍግ ፈረሰ። «እሳት አጥቶ ነው» አሉኝ። ለካ ሙቀቱ ሣሩን ከሥር ያደርቀዋል፤ ጥቀርሻውም ተባይ ያርቃል።

ቆርቆሮ እናልብሰው ብላት እማዬ እምቢ አለች። እውነቷን ነው፤ ቆርቆሮ የቀኑን ሙቀት ሌሊት አያቆይም፤ የጋሸና ብርድ ደግሞ ይታወቃል።

የበሰበሰውን ነቅለን፣ ውኃው እንዲንሸራተት አዲሱን ጓሳ ከታች ጀምረን እየደራረብን እስከ ጉልላቱ ከደንን። አሁን ጠዋት እሷ ደጅ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ወንድሜ ውስጥ እሳት ያነድዳል።