«ቤት ለእምቦሳ» ፎቅ ላይ

ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ተከራይታችሁ የምትኖሩ እህት ወንድሞች፣ አዲስ ጎረቤት እቃ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ወሬ አትጀምሩበት፤ አንዱን ጫፍ ያዙለት። እቃው ገብቶ ሲያበቃ፣ ከደጃፉ ቆማችሁ «ቤት ለእምቦሳ!» በሉ። መልሱ «እምቦሳ እሰሩ!» ነው። እምቦሳ ጥጃ ነው፤ የገጠር ምርቃት ቢሆንም ፎቅ ላይም ያምራል።

ሃይማኖቱን ገና ስለማታውቁ «እንኳን ደኅና መጡ» ይበቃል። እሱ «አሰላሙ አለይኩም» ካለ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ ከመጠየቅ መንገር ይሻላል፦ «እኔ ከፊት ለፊት ነኝ። ውኃ እዚህ ፎቅ የሚደርሰው ሌሊት ነውና ጀሪካን ያዘጋጁ።» «ከየት መጡ? ብቻዎን ነዎት?» ማለት ግን፣ በተለይ በዚህ ጊዜ፣ ምርመራ ይመስላል። መልሱ ካጠረና ዓይኑ ወደ እቃው ከሄደ ደክሞታል፤ «በሉ ይረፉ» ብላችሁ ተሰናበቱ።