ጥርት ያለው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ነጩ

ካንዴላ ከሞተር ሲፈታ ከብረቱ በላይ የሚታየው ነጭ ሸክላ መሰል ክፍል የሚሠራው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። የውድ እጅ ሰዓቶች የማይጫር መስታወትም ከዚሁ ውህድ ይሠራል፤ እሱ ግን እንደ ውኃ የጠራ ነው። ቀዩ ሩቢና በአክሱም አቅራቢያ በጭላ የሚወጣው ሰማያዊ ሳፋየርም መሠረታቸው ይኸው ውህድ ነው። አንድ ውህድ አራት መልክ የያዘበት ምክንያት፣ ነገሮች ለምን ብርሃን እንደሚያሳልፉ፣ ለምን ቀለም እንደሚኖራቸውና ለምን እንደሚጋርዱ ያሳየናል።

ብርሃን ኃይሉን የሚያደርሰው ፎቶን በሚባሉ ጥቃቅን እሽጎች ነው። የእያንዳንዱ ፎቶን ኃይል እንደ ቀለሙ ይለያያል፤ ለዓይን ከሚታየው ብርሃን ዝቅተኛው ቀዩ ሲሆን 1.8 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይይዛል፣ ከፍተኛው ሐምራዊው ደግሞ 3.1 ገደማ። በጠጣር አካል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በበኩላቸው ያሻቸውን ያህል ኃይል መያዝ አይችሉም። አተሞችን አስተሳስረው ከሚኖሩበት እርከን በላይ አንድም ኤሌክትሮን ሊቆምበት የማይችል ክፍተት አለ፤ ከክፍተቱ ማዶ ባዶ እርከን ይገኛል። ነገሩ ቦይ እንደመዝለል ነው፤ በግማሽ ዝላይ መሃል ላይ ማረፍ የለም። ፎቶኑ ኤሌክትሮኑን የሚያሻግር ኃይል ካለው ተውጦ ይቀራል፤ ከሌለው ሳይነካ ያልፋል።

የንጹሕ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ክፍተት ወደ 9 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠጋል። ከሚታየው ብርሃን ይህን ያህል አቅም ያለው ፎቶን ስለሌለ ሁሉም ያልፋል፤ የሰዓቱ መስታወት የሚጠራውም ለዚህ ነው። የሶላር ፓነል የሚሠራበት ሲሊከን ግን ክፍተቱ 1.1 ብቻ በመሆኑ ቀዩም ሰማያዊውም ይዋጡበታል። ዓይናችን የማያየው፣ ኃይሉ ከ1.1 በታች የሆነ ኢንፍራሬድ ብርሃን ግን በሲሊከን ውስጥ እንደ ልብ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ነገር ጠራ ወይም ጋረደ ሲባል፣ በየትኛው ብርሃን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ሩቢ የሚገኘው ከመቶ የአሉሚኒየም አተሞች አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰውን ክሮሚየም ሲተካው ነው። ክፍተቱ አልጠበበም፤ የክሮሚየም ኤሌክትሮኖች ግን በክፍተቱ ውስጥ የራሳቸውን ማረፊያዎች ይዘው ይመጣሉ። ወደነዚህ ማረፊያዎች ለመውጣት አረንጓዴና ሐምራዊ ፎቶኖች ይበቃሉ፤ እነሱ ሲዋጡ ቀዩ ያልፋል። በሰማያዊው ሳፋየር ያለው አሠራር ሌላ ነው። ብረትና ቲታኒየም ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ብርሃን ከብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ወስዶ ለቲታኒየሙ ይሰጣል፤ በዚህም ቢጫውና ቀዩ ይዋጣሉ። ለዚህ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አያስፈልግም፤ ጥቂት መቶኛ ክፍልፋይ ይበቃል።

የካንዴላው ነጭ ክፍል ግን ብርሃኑን አልዋጠውም፤ በተነው እንጂ። ዱቄቱ ተጠቅጥቆ በእሳት ሲጋገር እልፍ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፣ በመካከላቸውም የአየር ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ብርሃኑ በየድንበሩ እየተጠማዘዘ ሁሉም ቀለም ባንድነት ወደ ዓይናችን ይመለሳል። መለያው ቀላል ነው፤ የዋጠ ነገር ይጠቁራል ወይም ቀለም ያወጣል፣ የበተነ ነገር ይነጣል። የተፈጨ መስታወት ነጭ መሆኑና ውኃ ሲፈስበት መልሶ መጥራቱም ከዚህ የመጣ ነው፤ ውኃው በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን አየር ተክቶ የብርሃኑን መጠማዘዝ ይቀንሰዋል።

መዋጥና መበተን በአንድ ድንጋይ ላይ የተገናኙበት ምሳሌ የስሪላንካው ጌውዳ ነው። ይህ የወተት መልክ ያለው ድንጋይ ለዘመናት ዋጋ አልነበረውም። ወተት ያስመሰሉት ከድንጋዩ ተለይተው የቀሩ የቲታኒየም ኦክሳይድ መርፌዎች ናቸው። በ1970ዎቹ የታይላንድ ነጋዴዎች ድንጋዩን ኦክስጅን በሚያንስበት ምድጃ ከ1600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ማጋል ጀመሩ። በዚያ ሙቀት መርፌዎቹ ይሟሟሉ፣ ቲታኒየሙም በክሪስታሉ ውስጥ ተሰራጭቶ ከብረቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ብተናው ሲጠፋ ሰማያዊው ይወጣል። ማቀዝቀዙ ቀስ ካለ ግን መርፌዎቹ እንደገና ይፈጠራሉ፤ ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ገዢ የሚጠይቀው ድንጋዩ እሳት ነክቶት እንደሆነ ነው፤ ካልነካው ዋጋው ከፍ ይላልና። መርማሪው በማይክሮስኮፕ እነዚያኑ መርፌዎች ይፈልጋል። ሳይቆራረጡ ከተገኙ ድንጋዩ ከፍተኛ ሙቀት አላየም፤ ወደ ነጠብጣብ መስመር ከተለወጡ ግን ምድጃ ገብቶ ወጥቷል።