የዩኒፎርም ጨርቅ ስንት ያስወጣል?

የትምህርት ቤት ልብስ በሚሰፋበት ሰሞን በየቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ «ሜትሩ ስንት ነው?» የሚል ነው። እኔም ከሁለት የአጎቴ ልጆች ጋራ የሦስታችንን ሱሪና ሸሚዝ ሒሳብ እንድሠራ በታዘዝሁ ጊዜ የጀመርሁት ከዚሁ ነበር። ነገር ግን የሜትሩ ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከእርሱ በፊት የጨርቁን ወርድ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዴት እንደ ሆነ እነሆ በምሳሌ ላስረዳ። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ፣ ቁጥሩን አንባቢ በራሱ ገበያ ዋጋ ይለውጠው።

ሁለት ዓይነት የሱሪ ጨርቅ ቀረበልን እንበል። አንደኛው ወርዱ 90 ሳንቲሜትር የሆነ የጥጥ ካኪ ነው፤ ሜትሩ 170 ብር። ሁለተኛው ወርዱ 150 ሳንቲሜትር የሆነ ቴትሮን ነው፤ ሜትሩ 300 ብር። በክፍል እንደ ተማርነው በካሬ ሜትር ብናሰላው ካኪው 189 ብር ያህል፣ ቴትሮኑ 200 ብር ይሆናል። ስለዚህ ካኪው የረከሰ ይመስላል።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ግን ይህን ስሌቴን አይተው «ልጄ፣ ጨርቅ የሚቀደደው በካሬ አይደለም፤ በረድፍ ነው» አሉኝ። ነገሩም እንዲህ ነው። አንድ ሱሪ ሁለት የፊትና ሁለት የኋላ ቁራጭ አለው። በእኛ ልክ የፊቱ ወርድ 28፣ የኋላው 40 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ የሁሉም ርዝመት ግርጌው የሚታጠፍበትን ጨምሮ 1.05 ሜትር ነው። ቁራጮቹ ሁሉ በጨርቁ ቁመት መተኛት አለባቸው። አግድም ወይም ሰያፍ ከተቀደዱ እግሩ ሲለበስ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ጥያቄው «በወርዱ ላይ ስንት ቁራጭ ጎን ለጎን ይተኛል?» የሚለው ነው።

በ150ው ጨርቅ አራቱም ቁራጮች (28+28+40+40=136) በአንድ ረድፍ ያልቃሉ። ለኪስ አፍና ለመሳሰለው 10 ሳንቲሜትር ስንጨምር 1.15 ሜትር ይሆናል፤ ዋጋውም 345 ብር ነው። በ90ው ጨርቅ ግን ሁለቱ የኋላ ቁራጮች አንድ ረድፍ፣ ሁለቱ የፊት ቁራጮች ሌላ ረድፍ ይይዛሉ። ሁለት ረድፍና 10 ሳንቲሜትር 2.20 ሜትር ነው፤ ዋጋውም 374 ብር። እንግዲህ በካሬ ሲታይ የረከሰው ካኪ በ29 ብር ተወደደ ማለት ነው። ምክንያቱ ከፊት ቁራጮቹ አጠገብ የሚተርፈው 34 ሳንቲሜትር ነው፤ ለወገቡ ዙሪያ ከሚቆረጠው ጥቂት በቀር ሌላ እግር አይወጣበትም።

አሁን የሦስታችንን ሱሪ በአንድነት እንቅደድ፤ ልካችን አንድ ነውና። በ90ው ጨርቅ የፊት ቁራጭ ሦስት ሦስት ሆኖ ይተኛል (28×3=84)። ስድስቱ የፊት ቁራጮች በሁለት ረድፍ፣ ስድስቱ የኋላ ቁራጮች በሦስት ረድፍ ያልቃሉ። በጠቅላላው አምስት ረድፍ ነው እንጂ ስድስት አይደለም። አምስት ጊዜ 1.05 ሲደመር 30 ሳንቲሜትር 5.55 ሜትር ይሆናል፤ ዋጋውም 943 ብር ከ50። በ150ው ጨርቅ ግን ሦስት ረድፍ ከማስፈለጉ አያመልጥም፤ 3.45 ሜትር፣ 1,035 ብር። ለአንድ ሰው የተወደደው ካኪ ለሦስት ሰው ረከሰ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይቀራል። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ገብቶ ያጥራል፤ ቴትሮን ግን ብዙም አይገባም። ይህን ለማወቅ ከጨርቁ ላይ በቁመቱ አንድ ሜትር በክር ምልክት አድርጎ፣ ነክሮና አድርቆ እንደገና መለካት ነው። የእኛው ካኪ 97 ሳንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ 5.55ን ለ0.97 አካፍለን 5.72 ሜትር መግዛት፣ ከዚያም ሳይቀደድ በፊት ሁሉንም መንከር አለብን። ዋጋው 972 ብር ከ40 ይሆናል፤ አሁንም ከቴትሮኑ በ62 ብር ከ60 ያንሳል።

ሸሚዙም በዚሁ መንገድ ይሰላል። 150 ወርድ ያለው ነጭ ቴትሮን ለአንድ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ 1.10 ሜትር ይበቃል፤ ለሦስት 3.30። ሜትሩ 220 ብር ቢሆን 726 ብር ነው። ሱሪና ሸሚዙ ሲደመር የሦስታችን ጨርቅ 1,698 ብር ከ40፣ ለእያንዳንዳችን 566 ብር ከ13 ሳንቲም ያህል ይደርሳል። የስፌት ዋጋ፣ ቁልፍ፣ ክርና የኪስ ገበር በዚህ ውስጥ የሉም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ልካቸው ለተቀራረበ ልጆች ነው። ሦስቱም ወፍረው የፊት ቁራጫቸው 31 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ሦስቱ ቁራጮች በ90 ወርድ አይገቡምና ትርፉ ይጠፋል። የጨርቁም ዳርና ዳር ለስፌት ስለማይሆን ከወርዱ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል መቀነስ ይገባል፤ 84ቱ በቀሪው 88 ውስጥ የሚገባው ለጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ሜትሩን በኪሱ ይዞ፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ወርዱን በራሱ እጅ ይለካ።