የ«ለውጥ ነፋስ» ንግግር ሂሳዊ የዲስኩር ትንተና

ሂሳዊ የዲስኩር ትንተና አንድ ጽሑፍ ወይም ንግግር በቃላትና በሰዋስው ምርጫው ሥልጣንንና ኃላፊነትን እንዴት እንደሚያሳይ ወይም እንደሚሸፍን የሚመረምር የቋንቋ ጥናት ዘርፍ ነው። ዘርፉ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሮጀር ፋውለርና በባልደረቦቹ፣ ቀጥሎም በኖርማን ፌርክላፍ ሥራዎች አድጓል። የፖለቲካ ንግግር ሲተነተን ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ድርጊት ፈጻሚውን መጥቀስ ወይም መተው፣ እና ግስን ወደ ስም መለወጥ። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን በኬፕታውን ባደረጉት የ«ለውጥ ነፋስ» ንግግር ላይ ያሳያል።

## የንግግሩ ሁኔታ

ማክሚላን ንግግሩን ያደረጉት ጥር 25 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1960) በደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ፊት ነው። የደቡብ አፍሪካ ኅብረት የተመሠረተበት 50ኛ ዓመት የሚከበርበት ዓመት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ኬፕታውን የደረሱት ጋናን፣ ናይጄሪያን፣ የሮዴዢያና የኒያሳላንድ ፌዴሬሽንን ጎብኝተው ነው። በአዳራሹ የተቀመጡት የፓርላማ አባላት ሁሉም ነጮች ነበሩ። ስለ ጥቁር አፍሪካውያን የሚነገረው ለእነርሱ ሳይሆን ለሌሎች መሆኑ ለትንተናው መነሻ ነው።

በንግግሩ በጣም የታወቀው ክፍል በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «የለውጥ ነፋስ በዚህ አህጉር ላይ እየነፈሰ ነው፤ ወደድንም ጠላንም ይህ የብሔራዊ ንቃተ ሕሊና እድገት የፖለቲካ ሐቅ ነው።»

## ተለዋጭ ዘይቤ

ተለዋጭ ዘይቤ አንድን ነገር በሌላ ነገር ስም መጥራት ነው። ተንታኙ ዘይቤው ማማሩን ሳይሆን ምን አብሮ እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስቀር ይጠይቃል። ነፋስ የተፈጥሮ ኃይል ነው። ማንም አያስነሣውም፤ ጥያቄ አያቀርብም፤ ከእርሱ ጋር ድርድር የለም፤ የሚቻለው መዘጋጀት ብቻ ነው። ስለዚህ ለነጮቹ የፓርላማ አባላት የሚተላለፈው ምክር «ለጠየቋችሁ ሰዎች መልስ ስጡ» ሳይሆን «የማይቆመውን አትጋፉ» የሚል ይሆናል።

ንግግሩ ሌሎች ሁለት ዘይቤዎችም አሉት። የሕዝቦች ንቃተ ሕሊና «መንቃቱን» ይናገራል፤ በዚህ አነጋገር ከመንቃቱ በፊት እንቅልፍ ነበረ ማለት ነው። ከ15 ዓመት በፊት ደግሞ እንቅስቃሴው በእስያ «ተሰራጨ» ይላል፤ መሰራጨት የእሳት፣ የውሃ ወይም የበሽታ ባሕርይ ነው። ሦስቱም ዘይቤዎች ሰው የወሰነውን ነገር በራሱ እንደሆነ ነገር ያሳያሉ።

የጊዜው እውነታ ግን ስም ያላቸው ሰዎች የሞሉበት ነበር። ማክሚላን ኒያሳላንድን ሲጎበኙ የአገሪቱ የነጻነት መሪ ሄስቲንግስ ባንዳ በእስር ቤት ነበሩ። በኬንያ ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ያበቃው በዚያው በጃንዋሪ 1960 ነው። የታሰረም ያሰረም ነበር፤ በነፋሱ ዘይቤ ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም።

## ግስን ወደ ስም መለወጥ

«አደጉ» የሚለው ግስ ማን እንዳደገና መቼ እንዳደገ ይናገራል። «እድገት» የሚለው ስም ሁለቱንም መተው ይችላል። ለዚህ ነው ተንታኞች በስም የተሰየመ ድርጊትን መልሰው ወደ ግስ የሚፈቱት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ስሙን ወደ ግስ መመለስ፣ ከዚያ ማን፣ በማን ላይ፣ መቼ ብሎ መጠየቅ፣ በመጨረሻም መልሱ በንግግሩ ሌላ ቦታ ይገኝ እንደሆነ መፈለግ።

«የብሔራዊ ንቃተ ሕሊና እድገት» ሲፈታ መጀመሪያ «ንቃተ ሕሊና አደገ» ይሆናል። ባለቤቱ አሁንም ሰው አይደለም፤ «ንቃተ ሕሊና» ራሱም መፈታት አለበት። አንድ ደረጃ ወርዶ ሲፈታ «ሰዎች ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ቆጠሩ፤ ተደራጁ፤ መንግሥታቸውን ራሳቸው ሊመሩ ፈለጉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። በዚህ መልኩ ቢነገር ኖሮ አድማጩ «ምን ጠየቁ?» ሊል ይችል ነበር። «ይህ እድገት» ሲባል ግን አመልካቹ «ይህ» ነገሩ አስቀድሞ የታወቀና ያለቀ ያስመስለዋል። ስለዚህም ቀጥሎ «ሐቅ ነው» ለማለት ይመቻል።

ሌላው ምሳሌ ሕዝቦቹ ለብዙ መቶ ዓመታት «በሌላ ኃይል ላይ ጥገኛ ሆነው» ኖሩ የሚለው ነው። እዚህ «ገዛ» የሚል ግስ የለም፤ የአገዛዙ ግንኙነት «ጥገኝነት» በሚል ስም ተሰይሟል። ገዢው ደግሞ «አንድ ሌላ ኃይል» ነው። ተናጋሪው ከገዢዎቹ የአንዱ መንግሥት መሪ ናቸው።

## ድርጊት ፈጻሚው

ቀጣዩ እርምጃ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማን ምን እንደሚያደርግ መመዝገብ ነው። በዚህ ክፍል ነፋሱ ይነፍሳል፤ ንቃተ ሕሊና ይነቃል፤ «እኛ» ደግሞ እናያለን፣ እንቀበላለን፣ ግምት ውስጥ እናስገባለን። የ«እኛ» ግሶች የአእምሮ ግሶች ናቸው። እንግሊዝ ትለቃለች ወይም ትሰጣለች የሚል አልተነገረም። ስለዚህ ለነጻነቱ የተጠያቂነትም የምስጋናም ባለቤት አይታይም።

ይህ ግኝት የሚጠነክረው በዚያው ንግግር ካለ ሌላ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ነው። ማክሚላን የደቡብ አፍሪካን የኢኮኖሚ እድገት ሲያወድሱ የአስተናጋጆቻቸውን ሕዝብ ችሎታና ትጋት በባለቤትነት ይጠቅሳሉ፤ የእንግሊዝ ካፒታል የነበረውን ድርሻም ይናገራሉ። በእርሻው፣ በማዕድኑና በፋብሪካው የሠሩት ጥቁር ሠራተኞች ግን ራሳቸውን ችለው አልተጠቀሱም። ምስጋና ሲሰጥ ባለቤት አለ፤ ስለ አገዛዝ ሲነገር ባለቤት ይጠፋል።

የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄንድሪክ ቨርዉርድ ወዲያው በሰጡት መልስ ስለ ነፋስ አልተከራከሩም። ፍትሕ ለአፍሪካ ጥቁር ሰው ብቻ ሳይሆን ለነጩም ይገባል በማለት ሰዎችን ወደ መድረኩ መለሱ። ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ፖሊስ በሻርፕቪል 69 ሰዎችን ገደለ።

## የዘዴው ገደብ

ድርጊት ፈጻሚው ያልተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ መሸፈኛ አይደለም። አንዳንዴ አድማጩ ስለሚያውቀው ይተዋል፤ አንዳንዴም ጨዋነት ነው። ማክሚላን አስተናጋጆቻቸውን ሲነቅፉ «አንዳንድ የፖሊሲያችሁ ገጽታዎች» ማለታቸው ማንንም አላሳሳተም፤ የዘር መለያየትን እንደሚሉ ሁሉም ያውቅ ነበር። የተመረጡ ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ ወስዶ መደምደምም የታወቀ ስህተት ነው፤ ሄንሪ ዊዶውሰን ዘርፉን በዚህ ተችተዋል። ማይክል ቢሊግ ደግሞ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ ተንታኞቹ ራሳቸው የሚነቅፉትን በስም የተሞላ አጻጻፍ እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል።

ትርጉምም ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ ግስ ሁልጊዜ ባለቤቱን በቅርጹ ይይዛል፤ «መንቃት» የሚለው ስም ግን አይይዝም፤ «መንቃታቸው» ሲባል ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል። ተርጓሚው አንዷን ምዕላድ በመጨመር ተናጋሪው የተወውን ሊሞላ ስለሚችል፣ ትንተናው በመጀመሪያው ቋንቋ ላይ መሠራት አለበት።