የሳሳ ቅንድብ፦ እርሳስ፣ ቲንት ወይስ ማይክሮብሌዲንግ?

ቲክቶክ ላይ የምናያቸው የማይክሮብሌዲንግ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የሚያበቁት ሥራው ባለቀበት ደቂቃ ላይ ነው። ቅንድቡ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ የተተከለ ይመስላል። በአምስተኛው ቀን የሚነሳው ቅርፊትና ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የሚቀረው ግራጫ ጥላ ግን ብዙም አይታዩም። ስለዚህ እርሳስን፣ ቲንትንና ማይክሮብሌዲንግን ሳወዳድር የመጀመሪያውን ቀን መልክ ብቻ አላይም። «ባልወደው ለመመለስ ምን ያስወጣኛል?» ብዬም እጠይቃለሁ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አመል ነው፣ ምን ይደረግ!

እርሳስ፦ በሳሙና የሚለቅ

ከሦስቱ ስህተቱ በጣም ርካሽ የሆነው እርሳስ ነው፤ ካላማረ ታጥቦ እንደገና ይሳላል። ግን ብዙ ሰው ዳሩን አስምሮ ውስጡን ይሞላዋል፣ ያኔ ቅንድቡ የተለጠፈ ይመስላል። የሚሻለው መጀመሪያ ፀጉሩን በትንሿ ብሩሽ ወደ ላይ አበጥሮ ባዶ ቦታዎቹን መለየት ነው። ከዚያ በሹል እርሳስ፣ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ፣ አጫጭር መስመሮችን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ብቻ መሳል። ወደ አፍንጫ በኩል ያለው ቀለል፣ ወደ ጭራው በኩል ያለው ጠቆር ይበል።

ፀጉራችሁ ጥቁር ቢሆንም ጥቁር እርሳስ አትግዙ። በፀጉር መሀል ቆዳ ይታያል፣ እርሳስ ግን ቆዳውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ያው ቀለም ከፀጉሩ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ወደ ቀይ የማያደላ ጥቁር ቡኒ ይበቃል።

ችግሩ ጊዜ ነው። በቀን 5 ደቂቃ ብትወስዱ በዓመት 30 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ላብና የፊት ወዝም ከሰዓት በኋላ ጭራውን ይዞት ይሄዳል። አደጋው ትንሽ ነው፤ የሰው እርሳስ አለመዋስና ማታ አጥቦ መተኛት በቂ ነው።

ቲንት፦ ፀጉር ካለ ብቻ

ቲንት የፀጉር ቀለም ነው። ተበጥብጦ ቅንድብ ላይ ይቀባል፣ እንደየዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይጠረጋል። ፀጉሩ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፣ ቆዳው ላይ የቀረው ጥላ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቃል። «ሁለት ቀን ቆንጆ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ» የሚባለው ለዚህ ነው። የጠፋው የቆዳው ቀለም ነው።

ለእናንተ ይሠራ አይሠራ ለማወቅ ስልካችሁን ተጠቀሙ። ምንም ሳትቀቡ መስኮት አጠገብ ቅንድባችሁን አንሱና አጉሉት። ቀጫጭንና ፈዛዛ ፀጉሮች ከታዩ ቲንት ያወጣቸዋል። ባዶ ቆዳ ከሆነ ወይም ያለው ፀጉር ቀድሞውንም ጥቁር ከሆነ ለውጡ ትንሽ ነው።

ትልቁ አደጋ አለርጂ ነው። ብዙ ጥቁር ቀለሞች ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አላቸው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የተባለው የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለም ሴቶችን ዓይነ ስውር ያደረገው በዚሁ ኬሚካል ነው። እኛ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለሠርግ የሚደረገው «ጥቁር ሂና» ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው። ንጹሕ ሂና ቀለሙ ወደ ቀይ ቡኒ ያደላል፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። ጥቁር ሂና ተቀብታችሁ እጃችሁ ካሳከከ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሰውነታችሁ ፒፒዲን እንደ ጠላት መዝግቦት ሊሆን ይችላል፤ ቲንትን ተዉት። ሌሎቻችሁም ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ አስቀብታችሁ ሞክሩ። የራስ ፀጉር ማቅለሚያ ደግሞ ቤት ውስጥ ቅንድብ ላይ አይቀባም፤ ዓይን ቅርብ ነው።

ማይክሮብሌዲንግ፦ ስሙ ዘመናዊ ንቅሳት

በስስ መርፌዎች ረድፍ ቆዳ ላይ ፀጉር የሚመስሉ ጭረቶች ይሠራሉ፣ ቀለም ይገባባቸዋል። ከማደንዘዣው ቅባት ጋር ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠቁሮ ይታያል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ቀለሙ የጠፋ ይመስልና ተመልሶ ይወጣል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሁለተኛ ቀጠሮ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይቆያል።

በቆየ የአንገት ንቅሳት ላይ ቀለሙ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲያደላ አይታችሁ ይሆናል። ማይክሮብሌዲንግም ጥልቅ ከገባ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል፤ አንዳንዱ ቀለም ደግሞ ወደ ቀይ ይሄዳል። ወዛም ቆዳ ላይ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ቶሎ ይደበዝዙና ይደባለቃሉ። ለእንዲህ ያለው ቆዳ በማሽን በነጠብጣብ የሚሠራው የፓውደር ዓይነት ይሻላል።

ቆዳ የሚያስቆስል ሥራ ስለሆነ መርፌው ካልተቀየረ ሄፓታይተስና ኤችአይቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። የታሸገው መርፌ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ በብዛት ይታያል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚውጥ ወይም በቅርቡ ያቆመ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያናግር። መመለሻው ሌዘር ነው፤ ብዙ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ጥቁር ቆዳ ላይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል።

አንድ ምሳሌ

ጓደኛዬ የቅንድቧን ጭራ ለዓመታት በወረንጦ ስትነቅል ኖራ ጭራው ሳሳ። የእህቷ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሳሎን «ማይክሮብሌዲንግ እንሥራልሽ» አላት። አብረን ቁጭ ብለን አሰብነው። በሠርጉ ቀን ገና እየተላጠ ሊሆን ይችላል። ግንባሯ ወዛም ነው። ጆሮዋን ስትበሳ ደግሞ ኬሎይድ ወጥቶባት ነበር፤ ይሄ ብቻውን ሐሳቡን ይዘጋዋል። ቲንትም አያዋጣም፣ ጭራው ላይ የሚቀባ ፀጉር የለማ! የቀረው ውኃ የማያስለቅቀው እርሳስ ነበር። ወረንጦውንም ለአራት ወር ደበቀችው። ነቀላው ሥሩን ካልገደለው በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚመለስ ፀጉር ይታያል፤ እሷም ጋ ጥቂት ብቅ ብሏል።

ሳትነቅሉ ጭራው በራሱ ከሳሳ ወይም በክብ ቅርጽ ከረገፈ ግን ሳሎን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የታይሮይድ ችግርና አሎፔሺያ እንዲህ ያደርጋሉ።

ማይክሮብሌዲንግ ለመሥራት የቆረጣችሁም ብትሆኑ የምትፈልጉትን ቅርጽ መጀመሪያ ለአንድ ወር በየቀኑ በእርሳስ ሳሉት። በሦስተኛው ሳምንት ከሰለቻችሁ የከሰራችሁት የአንድ እርሳስ ዋጋ ብቻ ነው።