ጠብ ነው ወይስ ጉልበተኝነት?

በግል ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች መመሪያ ውስጥ «ሌላውን ተማሪ ማስቸገር በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል መስመር አይጠፋም። ማስቸገር ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚነገርና ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሚያደርግ ግን ብዙውን ጊዜ አልተጻፈም።

እንዲህ ያለ ጉዳይ እናስብ። ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች አንዲትን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ ከሰርቪስ ወንበሯ ያስነሷታል፤ ምሳ ዕቃዋን ከፍተው ይሳለቁባታል። የሰርቪሱ ረዳት «ልጆች ናቸው፣ ይጫወታሉ» ብላ ታልፋለች። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀምራለች።

በኖርዌይ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ዳን ኦልዌውስ ጉልበተኝነትን በሦስት ነገሮች ይለየዋል፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙ፣ ተጠቂው ራሱን ለመከላከል የሚያስችል ተመጣጣኝ አቅም የሌለው መሆኑ። የሰርቪሱ ጉዳይ ሦስቱንም ያሟላል። ሁለት እኩዮች በኳስ ተጣልተው ቢማቱ ግን ጥፋት ነው እንጂ ጉልበተኝነት አይደለም። በቴሌግራም ግሩፕ የተለቀቀ ማዋረጃ ፎቶ አንዴ ቢለጠፍም ብዙዎች ደጋግመው ስለሚያዩት መመሪያው እንደ ተደጋገመ ቢቆጥረው ይሻላል።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። እኩዮች ሲጣሉ አስታርቆ መሸኘት ይቻላል። እኛ ግን ማስታረቅ ስለምንወድ ተጠቂዋንም ከአጥቂዎቿ ፊት አቁመን «በሉ ይቅር ተባባሉ» እንላለን። እሷ ፈርታ እሺ ትላለች፤ በማግስቱ ሰርቪስ ውስጥ «አሳባቂ» ተብላ ዋጋዋን ታገኛለች። ስለዚህ መመሪያው ልጆቹ ለየብቻቸው እንዲጠየቁ በግልጽ ማዘዝ አለበት።

ጥቆማውን ማንኛውም ሠራተኛ፣ ሾፌሩና ረዳቷም ጭምር፣ ተቀብሎ በዚያው ቀን ለዩኒት ሊደሩ ያደርሳል። የሚመዘገበው ቀኑ፣ ቦታው፣ የተባለው ቃል እንዳለና ያዩት ልጆች ናቸው። «ባለጌ ነው» የሚል አስተያየት አይጻፍም። በኮሙኒኬሽን ቡክ መጻፍም አይገባም፤ ደብተሩን ይዛ በሰርቪስ የምትሄደው ራሷ ልጅቷ ናት። በማግስቱ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ወንበሯ ከረዳቷ አጠገብ ይሆናል፤ ለሁለቱም ወገን ወላጆች ለየብቻ ይደወላል። በአምስት የትምህርት ቀናት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ብቻዋን ትጠየቃለች። ቅጣቱ ዱላ ሊሆን አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል።

ትንሽ ትምህርት ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ልጅን ወደ ሌላ ሴክሽን ማዛወር አይቻልም። የጥቆማ ሣጥንም ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ከተሰቀለ ማን እንደከተተ ይታወቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ተከሳሹ የባለቤቱ ልጅ ወይም ዘመድ ሲሆን ነው። ለዚህ ከወላጅና መምህራን ኅብረት የተመረጠ ሁለተኛ ጥቆማ ተቀባይ ያስፈልጋል፤ ስልክ ቁጥሩም በምዝገባ ቀን ለወላጆች በሚሰጠው ወረቀት ላይ ይታተማል።