ዝናቡ ሳይደርስ፦ ስለ ምርጥ ዘር ዶሃ ውስጥ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

በልግ ሲጋመስ የአገር ቤት ሬዲዮ ላይ የዘር ድርጅቶች ማስታወቂያ ይበዛል። መልእክቱ ሁሌም አንድ ነው፦ ዝናቡ ሳይገባ ምርጥ ዘር ግዙ። ማስታወቂያው የተሠራው ለገበሬው ነው። ዶሃ ውስጥ ናጅማ ወይም ሰናይያ ሆኖ በስልክ የሚሰማው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የዘሩን ብር የሚልከው እሱ ነው። ከአንድ ደቂቃ ባነሰው ማስታወቂያ ውስጥ «ለምን አሁን?» እና «የትኛው ዘር?» የሚሉት ጥያቄዎች መልስ አያገኙም፤ ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል። ዶሃ ላይ ከሚሰሙት ውስጥ አራቱን እንይ። ምሳሌያችን ምዕራብ ጎጃም ሜጫ አካባቢ ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል፣ በቆሎ የሚዘራ ቤተሰብ ይሁን።

ተረት 1፦ «ዝናቡ ከጣለ በኋላ ብልክም ይደርሳል»

እውነታው፦ በደጋማና ወይና ደጋ ምዕራብ ጎጃም የሚዘሩት ቢ ኤች 660 እና ቢ ኤች 661 ለመድረስ 160 ቀን ያህል ይፈልጋሉ። ግንቦት 25 የተዘራ በቆሎ 90 ቀን አካባቢ ሲሞላው፣ ነሐሴ 25 ገደማ፣ ያብባል፤ ጥቅምት 30 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዛላው ፍሬ መያዝ የሚጀምረው መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው።

ዘሩ ዘግይቶ ሰኔ 20 ቢዘራ ግን አበባው መስከረም 15፣ ምርቱ ኅዳር 25 ይሆናል። ፍሬው የሚሞላበት ጊዜ ዝናቡ ከሚሸሽበት ጊዜ ጋር ይጋጫል። አገዳው ረዥምና አረንጓዴ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ችግሩ የሚታወቀው ዛላው ሲገለጥ ነው፤ ጫፉ ባዶ ይሆናል፣ ፍሬው ይኮሰምናል።

ዶሃ ላይ ደግሞ የደመወዝ ቀን አለ። የግንቦት ደመወዝ የምንለው የፈረንጆቹ ሜይ ክፍያ የሚገባው ግንቦት 23 ገደማ ነው፤ ከተላከና ከተመነዘረ በኋላ ዘሩ ሲገዛ መዝሪያው ደርሷል። ከዝናቡ የሚቀድመው የኤፕሪል ደመወዝ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ መጨረሻ ሳምንት እጅ ይገባል። «ከዝናቡ በፊት» የሚለው የሬዲዮ ቃል ለዶሃ ሰው ሲተረጎም «ከኤፕሪል ደመወዝ» ማለት ነው።

ቀድሞ የመግዛቱ ምክንያት የብር መዘግየት ብቻም አይደለም። ዘንድሮ የሚሸጠው ዲቃላ ዘር የተመረተው ባለፈው ወቅት ነው። ዲቃላ ሲመረት አንዱ ወላጅ «እናት» ሆኖ በረድፍ ይተከልና አበባው ዱቄት ሳይረጭ ጭራው በእጅ ይነቀላል፤ ሌላው ወላጅ ዱቄቱን ይሰጠዋል። ስለዚህ ተፈላጊው ዝርያ ካለቀ ሰኔ ላይ ተጨማሪ ማምረት አይቻልም። የዘገየ ገበሬ መደርደሪያ ላይ የቀረውን ይገዛል፤ የቀረው ለአካባቢው የሚስማማ ላይሆን ይችላል። መዘግየቱ የማይቀር ከሆነ አንድ መላ አለ፦ ከ160 ቀኑ ይልቅ ፈጥኖ የሚደርስ፣ ለምሳሌ 145 ቀን ያህል የሚፈልገው ቢ ኤች 540፣ ይጠየቅ። ይህን ለመወሰን የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል፤ ዝርያው ከቦታው ከፍታ ጋር መስማማት አለበትና።

ተረት 2፦ «አንዴ ምርጥ ዘር ከተገዛ ከምርቱ ማስቀረት ይበቃል»

እውነታው፦ ለጤፍ ይህ በአብዛኛው ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ (ዲዜድ ሲአር 387) ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ፣ ልጁ አባቱን ይመስላል፤ ገበሬው ከሌላ ዘር ካልተቀላቀለበት ለተወሰኑ ዓመታት ማስቀረት ይችላል።

ለዲቃላ በቆሎ ግን አይሠራም። የቢ ኤች 660 ጥንካሬ የሚመጣው ሆን ተብለው ከተመረጡ የተለያዩ ወላጆች መዳቀል ነው። ከምርቱ ሲቀር ይህ ውህደት ይፈርሳል፤ በተጨማሪም የጎረቤት በቆሎ ዱቄት በነፋስ ገብቶበታል። ማሳው ራሱ ይናገራል፦ አንዱ አገዳ ትከሻ ድረስ፣ አንዱ ራስ በላይ፣ አንዱ ሁለት ዛላ፣ አንዱ ባዶ። ማዳበሪያው ግን ሙሉ ዋጋ ወጥቶበታል። ስለዚህ «ዘር አለን፣ ብር አትላክ» የሚባል ከሆነ የሚጠየቀው «የምን ዘር?» ነው። ጤፍ ከሆነ ቁጠባ ነው፤ ዲቃላ በቆሎ ከሆነ ኪሳራ ነው።

ተረት 3፦ «ከረጢት ውስጥ ካለ ዘሩ ጥሩ ነው»

እውነታው፦ ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከቆየ ይሞታል። ከረጢቱ ላይ የዝርያው ስም፣ የዘር ምርቱ መለያ ቁጥርና የተመረመረበት ቀን መኖሩ፣ ስፌቱም አለመከፈቱ ይታይ። ባለቀለሙ ዘር የተቀባው መድኃኒት ነው፤ የተረፈው ለምግብም ለዶሮም አይሰጥም።

እርግጠኛ ለመሆን ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። ከከረጢቱ ከላይም ከታችም 100 ፍሬ ይውሰዱ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ባለ ቦታ ያኑሩ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይርጠብ፤ በሰባተኛው ቀን ጤነኛ ሥርና ቡቃያ ያወጡትን ይቁጠሩ። 70 ብቻ ከበቀሉ፣ በአንድ ጉድጓድ አንድ ፍሬ ሲተከል ከአሥሩ ሦስቱ ባዶ ይሆናሉ ማለት ነው። በ75 ሴንቲ ሜትር ረድፍና በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ግማሽ ሄክታር ላይ 22 ሺህ ያህል ተክል መቆም ሲገባው፣ የሚቆመው 15 ሺህ ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ፈተና አንድ ሳምንት ይወስዳል፤ ዘሩ በዝናቡ ዋዜማ ከተገዛ ለፈተናውም ለመቀየሪያውም ጊዜ አይኖርም።

ተረት 4፦ «ከውጭ የመጣ ዘር ይበልጣል፤ በሻንጣ ብልክ ይሻላል»

እውነታው፦ ዶሃ ገበያ ላይ የሚታየው የዘር ፓኬት የተዘጋጀው ለጎጃም ከፍታና ለክረምቱ ዝናብ አይደለም። ቤተሰቡ ቢዘራው እንኳ በአካባቢው ላይስማማ ይችላል። ከዚያም የሚከፋው በሽታ ነው። የበቆሎ ገዳይ ኔክሮሲስ የተባለው በሽታ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፤ በ2014 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። በሽታው ቅጠሉን ቢጫ ያደርጋል፣ ዛላውን ያደርቃል፤ በነፍሳት ይዛመታል፣ በዘርም ሊተላለፍ ይችላል። ለዚህ ነው ዘር ወደ አገር ሲገባ ፈቃድና የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሚያስፈልገው። በሻንጣ ከሚሄድ ዘር ይልቅ በወቅቱ የሚሄድ ብር ይሻላል።

ምን ያህል ብር?

ለሁለት ጥማድ የሚበቃው 12.5 ኪሎ ዲቃላ በቆሎ ነው፤ በሄክታር 25 ኪሎ የሚለው ምክር ግማሹ። ስለዚህ ብሩ «ለዘር» ተብሎ በጥቅሉ ከሚላክ፣ መጀመሪያ ስለ ሦስት ነገር ስልክ ይደወል፦ ዝርያው ማን ይባላል፣ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል፣ መቼ ይዘራል? የዚያ መልስ ከታወቀ በኋላ የከረጢቱ ዋጋ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም ከሻጩ ይጠየቅ። ማዳበሪያውም ከዘሩ ጋር ስለሚሄድ በዚያው ጥሪ ይቆጠር፤ ዘሩን ብቻ ገዝቶ ማዳበሪያ ያጣ ቤተሰብ የምርጥ ዘሩን ሙሉ ጥቅም አያገኝም። ከረጢቱ ሲገዛ የመለያ ቁጥሩ ፎቶ ይላክ፤ ዘሩ ካልበቀለ አቤቱታ የሚቀርበው በዚያ ቁጥር ነው።